ደብተር መጠበቅ ወይስ መግለጥ?



በጥናት ቡድናችን «ትናንት ለምን አላጠናችሁም?» ብለን ስንጠያየቅ «ጊዜ አጣሁ» የሚል ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን የምንለው «ቁጭ ብዬ ነበር፣ ግን አልጀመርኩም» ነው። ደብተሩ ፊት ለፊታችን አለ፣ መብራቱም አለ፤ እጃችን ግን ወደ ስልኩ ይሄዳል። በዚህ እትም የምንጽፈው በመቀመጥና በመጀመር መካከል ስላለችው ስለዚያች ክፍተት ነው።

ነገሩን ከእኛ ጋር በነበረ በአንድ ወንድማችን ላይ እንየው። የሮቢት ልጅ ነው፤ ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟት ሮቢት። የውሃ ሀብትና መስኖ ምህንድስና ተምሮ ኮርሶቹን ሁሉ ጨረሰ፤ የመውጫ ፈተናው ላይ ግን 47 አመጣ። ማለፊያው 50 ነው። ፈተናው ከተጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያላለፈ ተማሪ ዲግሪውን እንደማይወስድ ታውቃላችሁ። ጓደኞቹ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እሱ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሮቢት ተመለሰ፤ ለቀጣዩ ዙር እዚያው ሊያጠና። ስሙን እንዳንጽፍ ጠይቆናል፤ ታሪኩን ግን ራሱ ነው የነገረን።

ነሐሴ ላይ ቤተሰቡ በማሽላ ሥራ ተጠምዷል። ጠዋት ማሳ ላይ ያግዛል፤ ቀትር ላይ የቆላው ሙቀት ሁሉንም ወደ ጥላ ያስገባል፤ ከዙሁር እስከ አስር ያለው ጊዜ የእሱ ነው። ግድግዳው ላይ የለጠፈው ፕሮግራም ያምራል፦ «ሰኞ ሃይድሮሊክስ ምዕራፍ 4፤ ማክሰኞ ሃይድሮሎጂ ምዕራፍ 1 እና 2…» ሰኞ ምዕራፍ 4 ሳይነካ ይመሻል። ማክሰኞ የሰኞው ይጨመርበታል። ረቡዕ ላይ ክምሩ ራሱ ያስፈራል። እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ሦስት ጊዜ አዲስ ፕሮግራም ጽፏል፤ ያጠናው ግን አንድ ምዕራፍ አይሞላም። ማሽላው እሸት ሲይዝ ወፍ ጥበቃ መጣ፤ ደብተሩን ማሳ ድረስ ይዞ መሄድ ጀመረ፤ እዚያም አልገለጠውም። እናቱ አንድ ቀን ምሳ ይዘው መጡና አዩት፤ «ልጄ፣ ማሽላውንስ ጠብቅ። ደብተሩንም ወፍ ይበላዋል ብለህ ነው?»

ሲነግረን ሳቅን፤ እሱ ግን ያን ቀን አልሳቀም።

ይህ ልጅ ሰነፍ አልነበረም፤ ጎህ ሲቀድ ማሳ ላይ የሚገኝ ነው። ታዲያ ደብተሩ ላይ ምን ያዘው? ፉሺያ ሲሮይስ እና ቲሞቲ ፒቺል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ዛሬ ነገ ማለትን በዋናነት የጊዜ አጠቃቀም ችግር አድርገው አያዩትም። ሥራው ሲታሰብ ደስ የማይል ስሜት ያመጣል፤ ፍርሃት፣ መሰልቸት፣ ግራ መጋባት። ሥራውን ወደ ነገ ስናስተላልፈው ያ ስሜት ወዲያው ቀለል ይላል። የምናገኘው ሽልማት ይህ እፎይታ ነው፤ በማግስቱ ደግመን እንድንሸሽ የሚያለማምደንም እሱ ነው። ለወንድማችን «ምዕራፍ 4» ማለት ገጾች ብቻ አልነበረም፤ 47 የሚለው ቁጥር፣ የጓደኞቹ ፎቶ፣ የአባቱ ዝምታ ሁሉ አብሮ አለበት። ፕሮግራሙን ደግሞ አሳምሮ መጻፍ ይህን አይነካውም። (እግረ መንገዳችንን፦ ዓረብኛው ለዚህ ልማድ «ተስዊፍ» የሚል ስም አለው፤ ቃሉ የመጣው ወደፊት አደርጋለሁ ለማለት ከሚገባው «ሰውፈ» ነው። «አደርጋለሁ» ማለት ራሱ የበሽታው ስም ሆነ።)

እንግዲህ ስሜቱ የሚነሳው ሥራው ሲታሰብ ከሆነ፣ የሚታሰበውን ነገር ማሳነስ ይቻላል። ምዕራፉ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ዛሬ ከራሳችን የምንጠይቀው የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው ቢ. ጄ. ፎግ ስለ ጥቃቅን ልማዶች የጻፈው መጽሐፍ በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው «አሳንሻለሁ» ሲል በበቂ አለማሳነሱ ነው።

ወንድማችን መጀመሪያ «ምዕራፍ 4»ን ወደ «10 ገጽ» አወረደው። አልጀመረም። ወደ «አንድ ጥያቄ መሥራት» አወረደው። አሁንም አልጀመረም፤ ምክንያቱም «መሥራት» ውስጥ አለማወቅ አለ፣ ባላውቀውስ የሚል ፍርሃት አለ። በስልክ ስንነጋገር ከእኛ አንዷ እህት «የማታውቀውን ነገር የማይጠይቅህ እርምጃ ፈልግ» አለችው። ተነጋግረን የደረስንበት ይህ ነበር፦ «ከምሳሌ 4.2 የተሰጡትን ቁጥሮች ብቻ በደብተሬ እገለብጣለሁ።» መፍታት የለም፣ መረዳትም የለም፤ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ግልበጣ ነው።

ምሳሌው የመስኖ ቦይ ነው። ግርጌው 2 ሜትር የሚሰፋ፣ ውሃው 1 ሜትር የሚጠልቅ ባለ አራት ማዕዘን ቦይ፤ የሸካራነት መጠኑ 0.025፣ ተዳፋቱ 0.001፤ የውሃው ፍጥነት ስንት ነው? ደብተሩ ላይ የሰፈረው ይህን ይመስላል፦

b = 2 m, y = 1 m, n = 0.025, S = 0.001

ከዚህ በኋላ ማቆም ይችላል። ግን ቁጥሮቹ ዓይኑ ሥር ተቀምጠዋል። ስፋት በጥልቀት ማባዛት ምን ችግር አለው? A = 2። ውሃው የሚነካው የቦዩ ዙሪያ ሁለቱ ጎንና ግርጌው ነው፤ P = 1 + 2 + 1 = 4። አንዱን ለሌላው ሲያካፍል R = 0.5። እዚህ ሲደርስ የማኒንግ ቀመር መተካት ብቻ ነው የሚቀረው፦

V = (1/n) × R^(2/3) × S^(1/2)

መልሱ በሰከንድ 0.8 ሜትር ገደማ መጣ። ሁለት ወር የሸሸው ምሳሌ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ልብ በሉ፤ የከበደው ሂሳቡ አልነበረም። መጀመሪያው ሲጠብ የሚቀጥለው እርምጃ ራሱ ትንሽ ሆኖ ታየው።

ጥሩ የመጀመሪያ እርምጃ በምን ይታወቃል? እኛ ራሳችን ላይ የምንሞክረው እንዲህ ነው፤ በጣም በደከማችሁበት ቀን አስቡት፣ ከኢሻ በኋላ ዓይናችሁ እየተከደነ። ያኔም «ይሄማ ምን አላት» የምትሉት ከሆነ በቂ ትንሽ ነው። ሆዳችሁ ትንሽ ከተጨነቀ ገና ትልቅ ነው፤ ደግማችሁ ቁረጡት። ሁለተኛው መለኪያ በእጅ የሚሠራና ሲያልቅ የሚታይ መሆኑ ነው። «ማሰብ»፣ «መከለስ»፣ «ማየት» የሚሉት ግሦች መቼ እንዳለቁ አይታወቅም፤ «መገልበጥ»፣ «መጻፍ»፣ «ማስመር» ግን ይታወቃል።

ሦስተኛው ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን፤ እርምጃው ከጥናቱ ከራሱ መቆረጥ አለበት። ጠረጴዛ መጥረግ፣ ሻይ ማፍላት፣ ፒዲኤፍ ከቴሌግራም ማውረድ ትንሽና ቀላል ናቸው፤ ግን በዙሪያው ያዞሩናል እንጂ ወደ ውስጥ አያስገቡንም። በተለይ ሀንድአውቱ ስልክ ላይ ከሆነ «ሀንድአውቱን መክፈት» የሚለው ትንሽ እርምጃ ሌላ ትልቅ ነገር ደብቋል፦ ሃያ ያልተነበቡ መልእክቶችን አልፎ መሄድ። ወንድማችን ለዚህ የሚሠራውን ምሳሌ ማታውኑ በወረቀት ጽፎ ደብተሩ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፤ ጠዋት ስልኩ ቤት ይቀራል።

የሚጀመርበትን ሰዓትና ቦታም አስቀድሞ መቁረጥ ያግዛል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፔተር ጎልቪትሰርና ባልደረባው በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በበዓሉ ቀናት ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ጠየቁ። መቼና የት ሆነው እንደሚጽፉ አስቀድመው የወሰኑት አብዛኞቹ ጽፈው ላኩ፤ ካልወሰኑት የላኩት አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ናቸው። እኛ ለዚህ የተዘጋጀ ሰዓት አለን። «ዙሁርን ሰግጄ መስገጃዬን ሳጥፍ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ ቁጥሮቹን እገለብጣለሁ» ማለት «ከሰዓት አጠናለሁ» ከማለት ይለያል፤ ከሰዓት ረጅም ነው፣ መስገጃ ማጠፍ ግን አንድ ቅጽበት ነው።

ወንድማችን አንድ ሳምንት በደንብ ሄደና በስምንተኛው ቀን ቆመ። ለምን? ነገሩ ስለሠራለት «የመጀመሪያ እርምጃዬ አሁን ሦስት ምሳሌ ነው» አለ። ድሮ የነበረው ጭንቀት ተመልሶ መጣ። የመጀመሪያው እርምጃ ሲለመድ አያድግም፤ የሚያድገው ከእሱ በኋላ የሚመጣው ነው። ደግሞም ማቆም እውነተኛ ፈቃድ መሆን አለበት። «ሁለት ደቂቃ ብቻ» እያልን በልባችን ሁለት ሰዓት ካስገደድን፣ በሦስተኛው ቀን አእምሯችን ተንኮሉን ያውቀዋል። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ደብተሩን ዘግቶ ወደ ማሳው የተመለሰባቸው ቀናት ነበሩ፤ እነሱም ተቆጥረዋል።

የአጨራረስ ነገርም አለ። ማሪያ ኦቭሲያንኪና በ1928 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ባሳተመችው ጥናት፣ ሥራቸው መሃል ላይ የተቋረጠባቸው ሰዎች ማንም ሳያዛቸው ወደዚያው ሥራ የመመለስ ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይታለች። ወንድማችን ይህን ሳያነብ በልምድ ደረሰበት፤ ምሳሌ ጨርሶ ከሚነሳ የሚቀጥለውን ጀምሮ፣ A እና Pን አውጥቶ፣ R = ብሎ ክፍት ትቶት ይነሳል። የነገው የመጀመሪያ እርምጃ አንድ ማካፈል ይሆናል።

ዘዴው የማይሠራበት ቦታ አለ። ጀምራችሁ በየቀኑ እዚያው መስመር ላይ ከቆማችሁ የጎደለው ከሥሩ ያለ ዕውቀት ነው፤ እርምጃ ከማሳነስ ይልቅ የሚያስረዳ ሰው ፈልጉ። ወንድማችን ሃይድሮሎጂ ላይ እንዲህ ሆኖበት ከቡድናችን አንዱ በየጁምዓው በስልክ ያስረዳው ነበር። እንቅልፍ፣ ምግብና የሚወዱት ነገር ሁሉ ለሳምንታት የጠፋባችሁ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ዛሬ ነገ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ለክሊኒኩ ወይም ለአማካሪ ንገሩ።

ማሽላው ታጭዶ ሲወቃ ሃይድሮሊክሱን ጨርሶ የመስኖ ኮርሶቹ ላይ ነበር፤ ሁለት ኮርስ ሳይነካ ወደ ፈተናው ገባ። 58 አመጣ። ማክሰኞ ከኢሻ በኋላ የጥናት ቡድኑ ሲሰበሰብ በስልክ ይገባል፤ ነገ የምትጀምሩትን አንድ መስመር በወረቀት ጽፋችሁ ኑ፤ ካልቆረጣችሁት እሱ ይቆርጥላችኋል።