ሁሉም የግራውን ሹካ ሲያነሳ

ፕሮግራሙ አይወድቅም፤ የስህተት መልእክትም አይጽፍም። «ፈላስፋ 3 እየበላ ነው»፣ «ፈላስፋ 1 እያሰበ ነው» እያለ መስመር በመስመር ሲያወርድ ይቆይና ድንገት ዝም ይላል። የኦፕሬቲንግ ሲስተም ኮርስ የወሰደ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ይህን ዝምታ በላብ ውስጥ ሳያየው አይቀርም። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምስኪኑ ኮምፒውተር ነው።

ጥያቄው የቆየ ነው። ኔዘርላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1965 ለተማሪዎቹ በፈተና ያቀረበው ሲሆን፣ ያኔ የሚያወራው በቴፕ ድራይቭ ስለሚሻሙ ኮምፒውተሮች ነበር። ጠረጴዛና ምግብ ያቀረበለት እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር ነው። አምስት ፈላስፎች ክብ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ በየሁለቱ መካከል አንድ ሹካ አለ፤ የቀረበው ፓስታ ደግሞ በሁለት ሹካ ካልሆነ አይበላም። እያንዳንዱ ፈላስፋ ሲያስብ ይቆያል፣ ሲርበው በግራና በቀኙ ያሉትን ሹካዎች አንስቶ ይበላል፣ መልሶ ያስቀምጣቸዋል። በእጁ ለሚጎርስ ሰው ነገሩ የፈረንጅ ጣጣ ሊመስለው ይችላል። ሹካው ግን በእውነተኛው ዓለም ፋይል፣ ማተሚያ ወይም የባንክ ሂሳብ ነው።

በላቡ ውስጥ እያንዳንዱ ፈላስፋ አንድ ትሬድ ነው፤ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሌሎቹ ጎን ለጎን የሚሮጥ ሥራ ማለት ነው። እያንዳንዱ ሹካ ደግሞ ሚውቴክስ የሚባል ቁልፍ ነው። አንዱ ትሬድ ከያዘው፣ ሌላው እስኪለቀቅ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። ሹካዎቹም ፈላስፎቹም ከ0 እስከ 4 ቁጥር አላቸው። ተማሪው በሲ ቋንቋ መጀመሪያ የሚጽፈው ይህን ነው፦

```c
pthread_mutex_lock(&forks[i]);
pthread_mutex_lock(&forks[(i + 1) % 5]);
eat(i);
```

መስመሮቹ ምንም የሚነቀፍ ነገር የላቸውም። ሁሉም ፈላስፋ የራሱን ቁጥር የያዘውን ሹካ ያነሳል፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን። ችግሩ ያለው በአንደኛውና በሁለተኛው መስመር መካከል ነው። አምስቱም በአንድ ቅጽበት የመጀመሪያውን መስመር ፈጽመው ሁለተኛው ላይ ከደረሱ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድም ሹካ አልቀረም። ሁሉም አንድ ይዞ ሌላ ይጠብቃል፤ ሳይበላ ደግሞ የያዘውን አይለቅም። ይህ ነው ዴድሎክ የሚባለው።

ያ ክፍተት ከአንድ ማይክሮ ሰከንድ ሊያንስ ስለሚችል አምስቱ እዚያ የሚገጣጠሙት አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ሌሊቱን ሙሉ ሮጦ ሊያነጋና በማግስቱ አስተማሪው ፊት ሊቆም ይችላል። ስለዚህ በሁለቱ መስመሮች መካከል `usleep(1000);` ማስገባት ጥሩ ዘዴ ነው። አንድ ሚሊ ሰከንድ ብቻ ቢሆንም ፕሮግራሙ እንደተነሳ ወዲያው ይቆማል ማለት ይቻላል። ይህን ያዩ ተማሪዎች «ታዲያ እሷን መስመር እናውጣት» ይላሉ። መስመሯ ግን ስህተቱን አልፈጠረችም፤ በሩን ከፍታ አሳየች እንጂ።

መቆሙ ዴድሎክ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አያስቸግርም። በ`top` ሲታይ ፕሮግራሙ ሲፒዩ የማይጠቀም ከሆነ ትሬዶቹ ተኝተው እየጠበቁ ነው። ማለቂያ በሌለው ዙር ውስጥ ቢሆን ኖሮ አንዱን ፕሮሰሰር ሙሉ በሙሉ ይዞ ይታይ ነበር። ቀጥሎ በ`gdb` ገብቶ `thread apply all bt` ሲባል አምስቱም ትሬዶች በሁለተኛው የመቆለፊያ መስመር ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ። በሊኑክስ ላይ የእያንዳንዱን ሹካ ባለቤትም መጠየቅ ይቻላል፦

```
p forks[0].__data.__owner
```

መልሱ የትሬዱ መለያ ቁጥር ነው። ፈላስፎቹ ከ4102 እስከ 4106 ቁጥር ደርሷቸዋል እንበል። ሹካ 0 በ4102 እጅ ነው፤ 4102 የሚጠብቀው ሹካ 1 ደግሞ በ4103 እጅ። እንዲህ እየተባለ ሲሄድ መጨረሻ ላይ 4106 ሹካ 4ን ይዞ ሹካ 0ን ሲጠብቅ ይገኛል፤ እሱም ከ4102 ዘንድ ነው። ክቡ ተዘጋ።

ይህን ክብ ለመስበር ብዙ ተማሪዎች የሚሞክሩት ሁለተኛው ሹካ ካልተገኘ የመጀመሪያውን አስቀምጦ እንደገና መሞከርን ነው። ይሠራል፤ ግን አምስቱም እኩል እያነሱ እኩል እያስቀመጡ ማንም ሳይበላ ሊቆዩ ይችላሉ። እኔ የምመርጠው ሌላውን ነው፤ ሁሉም ፈላስፋ ከሁለቱ ሹካዎቹ ትንሽ ቁጥር ያለውን አስቀድሞ ያንሳ።

```c
int a = i, b = (i + 1) % 5;
int first  = a < b ? a : b;
int second = a < b ? b : a;
pthread_mutex_lock(&forks[first]);
pthread_mutex_lock(&forks[second]);
```

ከፈላስፋ 0 እስከ 3 ላሉት ምንም አልተለወጠም። የተለወጠው ፈላስፋ 4 ብቻ ነው፤ ፊት ሹካ 4ን ያነሳ የነበረው አሁን ሹካ 0ን ያስቀድማል። ፈላስፋ 0 ቀድሞት ከሆነ ባዶ እጁን ይጠብቃል፤ ሹካ 4ም ጠረጴዛው ላይ ትቀራለች። ያን ጊዜ ፈላስፋ 3 ሹካ 3ን ይዞ ሹካ 4ን ያገኛል፣ ይበላል፣ ሁለቱንም ይለቃል። ፈላስፋ 2 የሚጠብቃት ሹካ 3 ስትለቀቅ እሱ ይበላል፤ ከዚያ 1፣ ከዚያ 0፣ በመጨረሻም 4።

ይህ አንዱ አጋጣሚ ነው። ለሁሉም አጋጣሚ መሥራቱን ለማወቅ ግን ፕሮግራሙን ሌሊት ማስሮጥ አያስፈልግም። በደንቡ መሠረት ሹካ ይዞ የሚጠብቅ ሁሉ የሚጠብቀው ከያዘው የሚበልጥ ቁጥር ነው። ክብ ቢኖር፣ ከአንዱ ወደ ሚቀጥለው በሄድን ቁጥር የተያዘው ሹካ ቁጥር እየጨመረ መሄድ አለበት፤ ዞረን የተነሳንበት ስንደርስ ደግሞ ያው የመጀመሪያው ቁጥር ሊሆን ነው። እየጨመረ የሄደ ቁጥር መነሻው ላይ አይገኝም፤ ስለዚህ ክብ ሊኖር አይችልም። ሹካዎቹ አምስት ቢሆኑ አምስት ሺህ ክርክሩ አይለወጥም። ሲለቀቁ የትኛው ይቅደም ለሚለው ግን ግድ የለም፤ የሚለቅ ሰው ማንንም አይጠብቅምና።

ዋጋ አለው። በአምስት ሹካ ሁለት ፈላስፎች ባንድ ጊዜ መብላት ሲችሉ፣ ከላይ ባየነው ሰልፍ አንዱ ሲበላ አራቱ ቆመዋል። ደንቡ ተራ በእኩል እንዲዳረስም ዋስትና አይሰጥም፤ የከለከለው ዴድሎክን ብቻ ነው።

ከላቡ ውጭ ደንቡ የሚፈተነው በገንዘብ ዝውውር ላይ ነው። ከሂሳብ 1000 ወደ 2000 የሚያስተላልፍና ከ2000 ወደ 1000 የሚያስተላልፍ ሁለት ትሬዶች፣ እያንዳንዳቸው ላኪውን ቀድመው ከቆለፉ፣ የሁለት ፈላስፎች ጠረጴዛ ሆነ ማለት ነው። ላኪ ተቀባይ ሳይባል ትንሹን የሂሳብ ቁጥር ማስቀደም ይፈታዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ላኪና ተቀባይ አንድ ሂሳብ ሲሆኑ ነው፤ ትሬዱ ራሱ የያዘውን ተራ ሚውቴክስ ደግሞ ሊቆልፍ ሲሞክር ራሱን እየጠበቀ ይቀራል። ስለዚህ ቁጥሮቹ እኩል መሆናቸውን ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ቅደም ተከተሉን መጠበቅ የሚቻለው የሚቆለፈው ሁሉ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። ዳታቤዝ ተጠቃሚው ቀጥሎ የትኛውን ረድፍ እንደሚጠይቅ አያውቅም። ፖስትግሬስኪውኤል ስለዚህ ክቡ እንዲፈጠር ይተወዋል፤ አንድ ጠባቂ ለ1 ሰከንድ ከቆመ (የተለመደው ልክ ይህ ነው) ክብ መኖሩን ይፈትሻል፣ ካገኘ አንዱን ሥራ ሰርዞ `deadlock detected` ይላል። የተሰረዘው እንደገና መጀመር አለበት። የሲስተሙ መመሪያ ራሱ ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚመክረው፣ ዳታቤዙን የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች በሙሉ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንዲቆልፉ ነው።