በሰነድ ርክክብ የሚፈጸም ክፍያ፦ ትእዛዙ ከመላኩ በፊት የሚመረመሩ ሦስት ነጥቦች

ከኢትዮጵያ ሰሊጥ የሚልክ ነጋዴና ጅዳ የሚገኝ ገዢ ሲስማሙ፣ ክፍያው ብዙ ጊዜ በሰነድ ርክክብ ይፈጸማል። ላኪው ዕቃውን በመርከብ ካስጫነ በኋላ የጭነት ሰነዱን፣ ኢንቮይሱንና የሐዋላ ወረቀቱን (በዐረብ ሀገራት «ከምቢያላ» የሚባለውን) ለራሱ ባንክ ይሰጣል፤ ባንኩም ገዢው ወደሚገኝበት ከተማ ባንክ ይልካቸዋል። በዚህ አሠራር ሁለቱም ባንኮች ገንዘቡ እንደሚከፈል ዋስትና አይሰጡም። የሚሠሩት ከሰነዶቹ ጋር በተያያዘው የትእዛዝ ደብዳቤ መሠረት ብቻ ነው።

ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና ከጥር 1 ቀን 1996 (እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር) ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ቁጥር 522 ደንብ፣ ባንኮች ትእዛዝ ፍለጋ ሰነዶቹን እንደማይመረምሩ ይደነግጋል። ስለዚህ በኢንቮይሱ ላይ በትክክል የሰፈረ ቃል በትእዛዙ ላይ የተፈጠረን ስሕተት አያርመውም።

ለአብነት የሚከተለውን እንመልከት። አንድ የአዲስ አበባ ላኪ 19 ቶን ሰሊጥ በጅቡቲ በኩል ወደ ጅዳ ይልካል። ዋጋው 30,400 ዶላር ሲሆን፣ በውሉ መሠረት ገዢው የሐዋላ ወረቀቱን ፈርሞ ሰነዱን ይረከባል፤ ገንዘቡን ደግሞ የጭነት ሰነዱ ከተጻፈበት ቀን በ60ኛው ቀን ይከፍላል። ለባንኩ የቀረበው ትእዛዝ ግን «ከፋይ፦ የገዢው ባንክ፤ ጊዜ፦ ከታየበት ቀን በኋላ 60 ቀን፤ ርክክብ፦ በክፍያ» ይላል። ሦስቱም ነጥቦች የተሳሳቱ ናቸው።

የመጀመሪያው ስሕተት ከፋዩን ይመለከታል። የሐዋላ ወረቀቱ የሚጻፍበት ወገን፣ በዐረብኛ «አል-መስሑብ ዐለይህ» የሚባለው፣ ገዢው ራሱ ነው። ባንኩን ከፋይ አድርጎ መጻፍ ከሌተር ኦፍ ክሬዲት አሠራር የመጣ ልማድ ነው። እዚህ ግን ባንኩ ሰነዱን ለገዢው የሚያቀርብ ወኪል እንጂ ባለዕዳ ስላልሆነ በራሱ ስም አይቀበለውም። የገዢው ስምም በንግድ ምዝገባው ላይ እንደሰፈረው መጻፍ አለበት፤ የዐረብኛ ስም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ፣ ከውሉና ከኢንቮይሱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከራል። ሙሉ አድራሻውም መጠቀስ ይኖርበታል። አድራሻው ከጎደለ ሰነዱን አቅራቢው ባንክ ትክክለኛውን ለማግኘት ሊሞክር ይችላል እንጂ፣ ለሚፈጠረው መዘግየት ተጠያቂ አይሆንም።

ሁለተኛው ስሕተት በጊዜው ላይ ነው። የጭነት ሰነዱ የተጻፈው ማርች 3 ቀን ከሆነ፣ በውሉ መሠረት የመክፈያው ቀን ሜይ 2 ነው። በትእዛዙ መሠረት ግን ቆጠራው የሚጀምረው ገዢው የሐዋላ ወረቀቱን አይቶ ከተቀበለበት ቀን ነው። ገዢው ማርች 24 ቀን ቢፈርም፣ ክፍያው ወደ ሜይ 23 ይሸጋገራል፤ ላኪው 21 ቀን ያጣል ማለት ነው። ስለዚህ ቆጠራው የሚነሣበት ቀን በሐዋላ ወረቀቱም በትእዛዙም ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ሦስተኛው ስሕተት ከሁሉም የከበደ ነው። በክፍያ ርክክብ (ዲ/ፒ) ገዢው ገንዘቡን ሳይከፍል ሰነዱን አያገኝም። በቅበላ ርክክብ (ዲ/ኤ) ደግሞ የሐዋላ ወረቀቱን ፈርሞ ሰነዱን ወዲያው ይረከባል፤ ገንዘቡን የሚከፍለው በቀጠሮው ቀን ነው። የ60 ቀን ጊዜ ተሰጥቶ ርክክቡ «በክፍያ» ከተባለ፣ ዕቃው በቀናት ውስጥ ጅዳ ሲደርስ ሰነዱ ግን እስከ ቀጠሮው ባንክ ውስጥ ይቆያል። የወደብ መጋዘን ኪራይና የኮንቴይነር ቅጣትም ይከማቻል። ደንቡ እንዲህ ያለው ጥምረት መኖር እንደሌለበት ይገልጻል። ትእዛዙ ስለ ርክክቡ ምንም ካልጠቀሰም ሰነዱ የሚለቀቀው በክፍያ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ትእዛዝ ያጋጠመው የላኪው ባንክ ሠራተኛ ሐሳቡን በግምት ሊያርም አይገባውም። «60 ቀን» የሚለውን አይቶ «በቅበላ» ብሎ ቢያስተካክለው፣ ምናልባት ላኪው ያላሰበውን ብድር ለገዢው ሰጠ ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ ሰነዱ ከመላኩ በፊት ላኪውን በጽሑፍ መጠየቅና የተፈረመ ማስተካከያ መቀበል ነው። በዚህ ምሳሌ የታረመው ትእዛዝ ከፋዩን ገዢው ድርጅት ከነሙሉ አድራሻው፣ ጊዜውን ከጭነት ሰነዱ ቀን በኋላ 60 ቀን፣ ርክክቡን በቅበላ ብሎ ያሰፍራል።

ላኪውም በቅበላ ሲስማማ ምን እንደሚቀረው ማወቅ ይኖርበታል። ሰነዱን አቅራቢው ባንክ የሚያረጋግጠው ቅበላው በቅርጹ የተሟላና ትክክል መስሎ መታየቱን እንጂ፣ የፊርማውን እውነተኛነት ወይም የፈራሚውን ሥልጣን አይደለም። ከዚያ በኋላ ሰሊጡ በገዢው መጋዘን ይገባል፤ በላኪው ወገን የሚቀረው የተፈረመ የሐዋላ ወረቀት ብቻ ነው።