ከሦስት ፖዘቲቭ ሁለቱ ሐሰት ሲሆኑ

የባዮስታቲስቲክስ ፈተና ላይ ደጋግማ የምትመጣ ጥያቄ አለች። አንድ ፈጣን የኤች አይ ቪ መመርመሪያ ሴንሲቲቪቲው 99 በመቶ፣ ስፔሲፊሲቲው 98 በመቶ ነው። የቫይረሱ ስርጭት 1 በመቶ በሆነበት አካባቢ አንድ ሰው ተመርምሮ ፖዘቲቭ ቢወጣ፣ ቫይረሱ በእርግጥ በደሙ ውስጥ የመኖሩ ዕድል ስንት ነው? ብዙ ተማሪ ሳያመነታ 99 በመቶ ብሎ ያልፋል። ትክክለኛው መልስ ግን 33 በመቶ ነው።

ቁጥሮቹ የፈተና አውጪ ፈጠራ አይደሉም። 99 እና 98 የዓለም ጤና ድርጅት ከፈጣን መመርመሪያዎች የሚጠብቃቸው ዝቅተኛ መመዘኛዎች ናቸው። 1 በመቶውም በኢትዮጵያ አዋቂዎች ዘንድ ካለው ስርጭት ብዙ አይርቅም። ታዲያ ይህን ያህል ጥሩ መሣሪያ እንዴት ከሦስት ፖዘቲቭ ሁለቱን ይሳሳታል?

ሁለቱን ቃላት መጀመሪያ እንለያቸው። ሴንሲቲቪቲ የሚሰላው ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸውን ሰዎች ብቻ ለብቻ አቁሞ ነው፤ ከእነሱ መካከል መመርመሪያው ስንቱን ያዘ? ስፔሲፊሲቲ ደግሞ ቫይረሱ የሌለባቸውን ብቻ ይዞ፣ ስንቱን በትክክል ነፃ አለ ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም የሚነሡት እውነቱ አስቀድሞ ከታወቀ ሰው ነው። ምርመራ ክፍል የተቀመጠው ሰው ችግር ግን የተገላቢጦሽ ነው። በእጁ ያለው ውጤቱ ብቻ ነው፤ እውነቱን ገና አያውቅም።

አሁን 10,000 ሰዎችን እንመርምር። ስርጭቱ 1 በመቶ ስለሆነ 100ዎቹ ቫይረሱ አለባቸው፣ 9,900ዎቹ የለባቸውም። ከ100ዎቹ 99ኙ ይያዛሉ፣ አንዱ ያመልጣል። ከ9,900ዎቹ 98 በመቶው፣ ማለትም 9,702ቱ፣ በትክክል ኔጋቲቭ ይባላሉ። የቀሩት 198ቱ ቫይረሱ ሳይኖርባቸው ፖዘቲቭ ይወጣሉ።

| | ቫይረሱ ያለባቸው | የሌለባቸው | ድምር |
|---|---|---|---|
| ፖዘቲቭ | 99 | 198 | 297 |
| ኔጋቲቭ | 1 | 9,702 | 9,703 |
| ድምር | 100 | 9,900 | 10,000 |

ሴንሲቲቪቲና ስፔሲፊሲቲ ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ፤ 99 ለ100፣ 9,702 ለ9,900። ፕሬዲክቲቭ ቫልዩ የሚባሉት ሁለቱ ግን ወደ ጎን ነው የሚነበቡት። ፖዘቲቭ ከተባሉት 297 ሰዎች ቫይረሱ ያለባቸው 99 ናቸው፤ 99 ለ297 ሲካፈል 33.3 በመቶ ይሆናል። ይህ ፖዘቲቭ ፕሬዲክቲቭ ቫልዩ ነው። ኔጋቲቩ 9,702 ለ9,703 ነው፤ 99.99 በመቶ። እንግዲህ ይኸው መሣሪያ «የለብህም» ሲል ከሞላ ጎደል ይታመናል፤ «አለብህ» ሲል ግን ገና ጥርጣሬ ነው። የኔጋቲቩ መታመንም አንድ ገደብ አለው፤ በቅርብ ቀናት የተያዘ ሰው ደሙ ፀረ እንግዳ አካል ገና ስላላመረተ መመርመሪያው ላያየው ይችላል።

ስህተቱ የመጣው ከሕዝቡ ስብጥር ነው። ከብዙ ሕዝብ ላይ የምትነሣ 2 በመቶ፣ ከጥቂቶች ላይ ከሚነሣ 99 በመቶ ትበልጣለች። ስርጭቱን ብቻ ብንቀይረው ነገሩ ይገለበጣል። በደቡብ አፍሪካ በነፍሰ ጡሮች ላይ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ስርጭቱ 30 በመቶ አካባቢ ተገኝቷል። በዚያ ስሌት ከ10,000 ሴቶች 3,000ው ቫይረሱ አለባቸው፤ 2,970 እውነተኛ ፖዘቲቭ፣ 140 ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ይወጣሉ። ፖዘቲቭ ፕሬዲክቲቭ ቫልዩው 95.5 በመቶ ሆነ ማለት ነው። መሣሪያው ያው ነው፤ ሴንሲቲቪቲውም ስፔሲፊሲቲውም ንቅንቅ አላሉም።

በአንድ ምርመራ ብቻ ማንም ሰው ቫይረሱ አለበት የማይባለው በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ምርመራ የሚመረጠው እንዳያስመልጥ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ያጠራል። ከላይ ያሉትን 297 ሰዎች ወስደን፣ ያው ብቃት ባለው ግን በሌላ ዓይነት መመርመሪያ እንደገና እንመርምራቸው። ከ99ኙ 98ቱ እንደገና ፖዘቲቭ ይሆናሉ፤ ከ198ቱ ሐሰተኞች ደግሞ 4 ብቻ ይቀራሉ። 98 ለ102፣ 96 በመቶ። ትልቅ ዕድገት ነው፤ ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠይቀው ቢያንስ 99 በመቶ ነው። ሦስተኛ ምርመራ ሲጨመር ከሐሰተኞቹ አንድ እንኳ የማይቀርበት ደረጃ ላይ ይደረሳል። ድርጅቱ ቀደም ሲል ስርጭቱ ከፍ ባለበት አካባቢ ሁለት ፖዘቲቭ ይበቃል ይል ነበር። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ግን ሁሉም አገሮች ሦስት ተከታታይ ፖዘቲቭ እንዲጠይቁ መከረ። ብዙ ሰው መድኃኒቱን ሲጀምርና ሁኔታውን ሲያውቅ፣ ገና ሳይመረመር ከቀረው ሕዝብ ውስጥ አዲስ የሚገኘው ሰው እያነሰ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ፖዘቲቭም ተአማኒነት አብሮ ይወርዳል። ሁለቱ ፖዘቲቭ ሆነው ሦስተኛው ኔጋቲቭ ከሆነ ውጤቱ «አልተወሰነም» ይባልና ሰውዬው ከ14 ቀን በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ስሌቱ አንድ ነገር ደብቆብናል። የሁለተኛው ምርመራ ስህተት ከመጀመሪያው ስህተት ጋር ዝምድና የለውም ብለን ነው ያሰላነው። የአንድ ሰው ደም ውስጥ ያለ አንዳች ነገር የመጀመሪያውን መመርመሪያ ካሳሳተው፣ ሁለተኛውም በተመሳሳይ አንቲጅን የተሠራ ከሆነ ያንኑ ሰው ደግሞ ሊሳሳትበት ይችላል። ያኔ 4ቱ ሐሰተኞች 4 ሆነው አይቀሩም። ተከታታዮቹ መመርመሪያዎች የተለያየ ዓይነት እንዲሆኑ የሚደረገው ለዚህ ነው። አንዱን ዕቃ ሦስት ጊዜ መደጋገም ሦስት ምርመራ አይደለም።

የአነባበብ ስህተትም ስፔሲፊሲቲን ያወርዳል። ከጣት ጫፍ የተወሰደች የደም ጠብታ ከፈሳሹ ጋር መመርመሪያው ላይ ትንጠባጠብና የተመደበላት ደቂቃ ይጠበቃል። የ«ሲ» መስመር ካልወጣ ምርመራው ውድቅ ነው። የ«ቲ» መስመር ከወጣ፣ ደብዛዛ እንኳ ቢሆን፣ እንደ ፖዘቲቭ ይቆጠራል። ይህ ሕግ ማንም እንዳያመልጥ ሲባል የተደረገ ነው፤ ሴንሲቲቪቲን ይጠብቃል፤ በዋጋው ጥቂት ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ይገባል። ወረፋ የበዛበት ባለሙያ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ቢያነበው ደግሞ ያልነበረ መስመር ሊወጣ ይችላል። ይህኛው ጥቅም የሌለው ስህተት ነው።

ለተፈታኞች አንድ ወጥመድ ላመልክት፤ እኔ በግሌ ከሁሉ የምጠራጠረው ይህን ነው። ጥያቄው «100 ቫይረሱ ያለባቸውና 100 የሌለባቸው ሰዎች ተመርጠው ተመረመሩ» ካለ፣ ሠንጠረዡ 99 እውነተኛና 2 ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ይሰጣል። 99 ለ101 ሲካፈል 98 በመቶ ይወጣል፤ ያማረ ቁጥር ነው። ነገር ግን እዚያ ስርጭቱን 50 በመቶ ያደረገው አጥኚው ራሱ ነው፤ ሰዎቹን ሲመርጥ። ከእንዲህ ያለው ሠንጠረዥ ሴንሲቲቪቲና ስፔሲፊሲቲ በትክክል ይወጣሉ፤ ፖዘቲቭ ፕሬዲክቲቭ ቫልዩው ግን ከክሊኒኩ በር ላይ ከተሰለፈው ሕዝብ ጋር አይገናኝም። የዚያን ሕዝብ ስርጭት አስገብቶ 10,000ውን እንደገና ማከፋፈል ያስፈልጋል።