የቆርቆሮ ክዳን ለምን ይሞቃል? ለምንስ ይጮኻል?
ከክዳኑ ሥር ስለሚደረግ ንጣፍ

የማኅበር ጽሕፈት ቤቶች፣ የስብሰባ አዳራሾችና የእህል መጋዘኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚከደኑት በቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ለመጫንም ሆነ ለመከደን ቀላል ነው፤ ምስጥ አይበላውም፤ እንደ ሣር ክዳን በየጥቂት ዓመቱ አይለወጥም። ይሁን እንጂ በተጠቃሚዎች ዘንድ ሁለት አቤቱታዎች ዘወትር ይሰማሉ። በቆላው አገር ከቀኑ 5 ሰዓት በኋላ በቤቱ ውስጥ መቀመጥ ያስቸግራል፤ በክረምት ደግሞ ዝናቡ በረታ ባለ ጊዜ ሰብሳቢው የሚናገረው አይሰማም። ሁለቱንም ከክዳኑ ሥር በሚደረግ ንጣፍ መቀነስ ይቻላል። ነገር ግን ሙቀትን የሚከለክለው ንጣፍና ጩኸትን የሚከለክለው ንጣፍ የሚፈልጉት አቀማመጥ አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ከአሠራሩ በፊት ምክንያቱን እናስረዳለን።

የሙቀቱ ምክንያት

ጥርት ባለ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ታወርዳለች። ይህም የአንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ኃይል ነው። ስለዚህ ወለሉ 40 ካሬ ሜትር በሆነ አዳራሽ ጣራ ላይ 40 ምድጃ እንደተደረደረ ይቆጠራል። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ቆርቆሮው ይመልሰዋል፤ ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ የቀረው ግን ቆርቆሮውን ያግለዋል። ቆርቆሮው ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ስለሆነ ሙቀቱን የሚያቆይበት አካል የለውም። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ለመሞቅ ሰዓታት ሲፈጅበት፣ ቆርቆሮ ደመናው ገለል ካለ በኋላ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይግላል። ነፋስ በሌለበት ቀን የክዳኑ ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል።

አዲስ ቆርቆሮ ስለሚያብረቀርቅ አይሞቅም የሚሉ አሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። የሚያብረቀርቅ ብረት የፀሐይን ብርሃን በከፊል ይመልሳል፤ ነገር ግን የያዘውን ሙቀት መልሶ ወደ ሰማይ ለመልቀቅም ሰነፍ ነው። እያረጀና እየጠቆረ ሲሄድ ደግሞ ብርሃኑን መመለሱን ይተዋል። በመሆኑም አዲሱም አሮጌውም ይግላል።

ይህ ሙቀት ወደ ሰው የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። ስለዚህ ከጣራው ወደ ራሳችን የሚመጣው በዋነኛነት በአየር ሳይሆን፣ ከእሳት ፊት ለፊት እንደምንሞቀው ሁሉ፣ በጨረር ነው። ይህን ለገበሬዎች ለማሳየት ቀላል ዘዴ አለ። እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ቆሞ የእጁን ጀርባ ከቆርቆሮው አንድ ክንድ ያህል ያርቀው። ሙቀቱ ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ ሌላው ሰው አንድ ካርቶን በእጁና በቆርቆሮው መካከል ያስገባ። ሙቀቱ ወዲያውኑ ይቋረጣል። የአየሩ ሙቀት አልተለወጠም፤ የተጋረደው ጨረሩ ብቻ ነው። ካርቶኑ ሲወጣ ሙቀቱ ተመልሶ ይመጣል። ይህን ያየ ሰው የንጣፉን ጥቅም ለመረዳት ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ንጣፉ የግድ ወፍራም መሆን እንደሌለበት ነው። በጋለው ቆርቆሮና በሰው መካከል፣ ከቆርቆሮው ራቅ ብሎ የተዘረጋ አንድ ስስ ንጣፍ፣ ወረቀትም ይሁን አቡጀዲ፣ የሚወርደውን ጨረር በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ገጹ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ሊያወርደው ይችላል። አሉሚኒየሙ ግን ከፊቱ ባዶ አየር ሊኖር ይገባል፤ ከቆርቆሮው ጋር ከተጣበቀ እንደማንኛውም ብረት ሙቀቱን ያሳልፋል። ባለ አንድ ገጽ አሉሚኒየም ያገኘ ማኅበር የሚያብረቀርቀውን ገጽ ወደ ታች፣ ማለትም ወደ ክፍሉ፣ ያዙር። የሚያብረቀርቅ ገጽ ጨረር ለመቀበል ብቻ ሳይሆን ለመልቀቅም ሰነፍ ስለሆነ ወደ ታች ዞሮም ይሠራል። ወደ ላይ ቢዞር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ አቧራ ይለብስና ጥቅሙ ይቀራል።

የጩኸቱ ምክንያት

የክረምት ዝናብ ትልልቅ ጠብታ በሰከንድ እስከ 9 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይወርዳል። ቆርቆሮው የሚያዘው በሞራሌው ላይ ብቻ ስለሆነ በሁለት ሞራሌ መካከል ያለው ክፍል እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረና ለመርገብገብ ነጻ የሆነ ነው። ጠብታው ሲመታው ይንቀጠቀጣል፤ ከሥሩ ያለውን አየር ያናውጣል፤ እኛም እንሰማለን። በረዶ ሲጥል የባሰ ይሆናል።

ሌላም ጩኸት አለ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣና ማታ ስትገባ ክዳኑ ቀጭ ቀጭ ይላል። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 1 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ምስማሩ ስለያዘው ጥቂት ታግሎ በድንገት ይንሸራተታል። ይህ ድምፅ ራሱ ብዙም አያሳስብም፤ ነገር ግን በየቀኑ የሚደረገው እንቅስቃሴ የምስማሩን ቀዳዳ እያሰፋ በመጨረሻ ዝናብ ያስገባል። የሚንቀጫቀጭ ክዳን ካለ ከንጣፉ ሥራ በፊት ምስማሮቹን ማጥበቅ፣ ጎማቸው ያለቀውንም መለወጥ ያስፈልጋል።

የዝናቡን ድምፅ መቀነሻው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ቆርቆሮውን ራሱን እንዳይንቀጠቀጥ መያዝ ነው፤ ከበሮ ላይ መዳፍ ሲያሳርፉበት ድምፁ እንደሚታፈን ማለት ነው። ለዚህ ለስላሳ ነገር ቆርቆሮውን መንካት አለበት። ሁለተኛው የተነሣውን ድምፅ ከታች በኮርኒስ ማገድ ነው። ለዚህ የሚጠቅመው ክብደት ነው። ስለዚህም በቤታችን የተለመደው የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ሙቀትን ደህና አድርጎ ሲቀንስ፣ ቀላል ስለሆነ ለዝናብ ጩኸት የሚረዳው እጅግ ጥቂት ነው። ጥቅሙን በአንዱ አይቶ በሌላው የተበሳጨ ብዙ ነው።

ይህንንም ማሳየት ይቻላል። አንድ ቆርቆሮ በሁለት እንጨት ላይ አጋድማችሁ ከመሰላል ላይ አንድ እፍኝ በቆሎ አፍስሱበት። ከዚያም ከሥሩ ሰሌን አድርጋችሁ በቀርከሃ ሽንቁር ወደ ላይ አስጠግታችሁ እንደገና አፍስሱ። የመጀመሪያው ይጮኻል፤ ሁለተኛው ዱብ ዱብ ብቻ ይላል።

አንድ አዳራሽ በምሳሌ

በመተሐራ ወይም በአዋሽ አካባቢ ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 5 ሜትር የሆነ፣ በሁለት በኩል የሚያፈስ የቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ ኮርኒስ ያልተሠራለት አዳራሽ አለ እንበል። ሞራሌዎቹ በ90 ሳንቲሜትር ርቀት ተመትተዋል። በአንድ በኩል ያለው ክዳን ከግድግዳው በላይ ያለው ቁልቁለት 2 ሜትር ከ65 ያህል ስለሆነ በየጎኑ ሦስት፣ በጠቅላላው ስድስት መደዳ ይኖራል።

መጀመሪያ ለድምፁ፣ 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ሰሌን በየመደዳው በርዝመቱ ይገባል። ስድስት መደዳ በ8 ሜትር 48 ሜትር ነው። በየመጋጠሚያው 10 ሳንቲሜትር ሲደራረብና ቁራጩ ሳይጣል ሲሠራበት 26 ሰሌን ይበቃል። ሰሌኑን ወደ ቆርቆሮው የሚያስጠጋው የተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው። ቀርከሃው በሞራሌዎቹ መካከል ካለው ክፍተት በ2 ወይም በ3 ሳንቲሜትር ረዝሞ ይቆረጥና ወደ ላይ ጎብጦ ይገባል፤ በጉብጠቱ ራሱ ሰሌኑን ገፍቶ ይይዛል። በየ30 ሳንቲሜትሩ አንድ ይደረግ፤ እንዳይወድቅም ጫፉ ሥር ምስማር ይመታ። ሰሌኑ የቆርቆሮውን ሸንተረር ሁሉ መሙላት የለበትም፤ ዝቅ ዝቅ ያለውን ጎን ከነካ ይበቃል።

ቀጥሎ ለሙቀቱ ኮርኒስ ይሠራል። ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር ነው። 1 ሜትር ከ22 በ2 ሜትር ከ44 የሆነ ቺፑድ ከተገኘ 15 ያህል ይፈጃል፤ ይህ ክብደት ስላለው ለድምፅም ይረዳል። አቅም ከሌለ አቡጀዲ ወይም የታጠበ ከረጢት ይወጠር። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር ግን መውጫ ይፈልጋል። በሁለቱ ጫፍ ግድግዳዎች፣ ከጣራው ሥር ባለው ሦስት ማዕዘን፣ 30 በ45 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ አንድ መስኮት ተከፍቶ ወፍና አይጥ እንዳይገባ የሽቦ ወንፊት ይደረግበት። ኮርኒሱ ራሱ ግን ቀዳዳ ሊኖረው አይገባም፤ ድምፅ እንደ ውሃ በትንሽ ክፍተት ይፈሳል።

ለሁለቱም ገንዘብ ካልበቃ ምርጫው በአገሩ ነው። በቆላ ኮርኒሱ ይቅደም። ደጋ ላይ፣ ፀሐዩ በማያስቸግርበትና ዝናቡ በሚበዛበት፣ ሰሌኑ ብቻውን ብዙ ይሠራል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች

ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቆ ከአየሩ የበለጠ ይቀዘቅዛል፤ ከሥሩም ጠል ይይዛል። በእህል መጋዘን ይህ ጠል በጆንያ ላይ ተንጠባጥቦ ሻጋታ ያመጣል። ደረቅ ሰሌን ጥቂቱን ጠል ጠጥቶ ቀን ይደርቃል። ፕላስቲክ ግን አይጠጣም። እኛም በአንድ መጋዘን ፕላስቲክ ከቆርቆሮው ጋር አጣብቀን ሞክረን፣ ውሃው በመካከል ተኝቶ በመጋጠሚያው በኩል በአንድ ቦታ ሲወርድ አይተን አንሥተነዋል። ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ቆርቆሮ የሚነካ ነገር ዚንኩን በነጭ ዝገት ያበላሻል፤ ንጣፉን ገለጥ አድርጎ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር መኖሩን ማየት መለያው ነው።

የማዳበሪያ ከረጢት ሳይታጠብ አይሰቀል፤ የቀረበት ማዳበሪያ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላል። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ከረጢት ግን ቢታጠብም በምንም ዓይነት ለኮርኒስ አይዋል። ከረጢትም ሰሌንም እሳት ስለሚይዛቸው ወጥ በሚሠራበት ቤት አንመክራቸውም።

ኮርኒስ ላይ ጭቃ መለሰን ለሙቀትም ለጩኸትም ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ስለዚህም ብዙዎች ይጠይቁናል። ሆኖም 3 ሳንቲሜትር ጭቃ በካሬ ሜትር ወደ 50 ኪሎግራም ይመዝናል። በዚህ አዳራሽ 20 ኩንታል መሆኑ ነው። ለቆርቆሮ ተብሎ የቆመ ቀጭን እንጨት ይህን አይሸከምም፤ አግዳሚዎቹ በመካከል ሲጎብጡ ከታየም ጭቃው ሳይውል ሳያድር ይውረድ።