አናቱ የተቆረጠ ድምፅ እንዴት ይጠገናል?

ሙሽሮቹ ሲገቡ እልልታው ይቀልጣል፣ ከበሮው ይደለቃል፤ መቅጃው ደግሞ ስፒከሩ ሥር ተቀምጧል። በማግስቱ ሲደመጥ ዘፈኑ ይሻክራል፣ የዘፋኙም ጉሮሮ የቆሰለ ይመስላል።

መቅጃው ድምፅን በቁጥር ይመዘግባል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 44,100 ጊዜ። ቁጥሩ ግን ጣሪያ አለው፤ በ16 ቢት ቅጂ 32,767 ነው። ድምፁ ከዚያ ሲያልፍ መቅጃው ትርፉን ጥሎ ያንኑ 32,767 ይደጋግማል። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ የሞገዱ ጫፍ እንደ አምባ አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይገኛል። ድምፁን መቀነስም አያድነውም፤ ሜዳው ዝቅ ይላል እንጂ አይሾልም።

ጥገናው የጠፋውን ጫፍ መገመት ነው። ፕሮግራሙ ከሜዳው በግራና በቀኝ ያለውን አቀበትና ቁልቁለት አይቶ፣ በመካከሉ ሊኖር የሚችለውን ጫፍ ይስላል። ነፃ በሆነው Audacity ውስጥ ይህን የሚሠራው Clip Fix ይባላል። ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ከስንት በመቶ በላይ ያለው እንደተቆረጠ ይቆጠር የሚል ነው፤ 95 ላይ መጀመር ይቻላል። ሁለተኛው ድምፁ በስንት ዴሲቤል ይቀነስ የሚል ነው። አዲሶቹ ጫፎች ከድሮው ጣሪያ በላይ ስለሚወጡ ቦታ ይፈልጋሉ፤ −9 ብዙ ጊዜ ይበቃል። የቀነሰው ድምፅ በኋላ ይመለሳል።

የሠርጉን ቅጂ አጉልተን እንየው። በአንዱ የከበሮ ምት ላይ 12 ቁጥሮች ተከታትለው ጣሪያውን ነክተዋል እንበል፤ ይህ የሰከንድ ሺሕኛ ሩብ ያህል ነው። ዳርና ዳሩ በቂ ፍንጭ ስለሚሰጥ ግምቱ ለእውነቱ ይቀርባል፣ ሽካሬውም ይለሰልሳል። በሌላው ምት ግን የተቆረጡት 150 ናቸው፤ ከሦስት ሺሕኛ ሰከንድ ይበልጣል። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም የከበሮ ድምፅ ከመሃል ተነሥቶ ወጥቶ እስኪመለስ የሚፈጅበት አምስት ሺሕኛ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አብዛኛው ሞገድ የለም። በዚያው ቅጽበት ከከበሮው ጋር የነበረው የዘፋኙ ቃልም አብሮ ጠፍቷል፤ ለስላሳ ጉብታ ቢሳልበት ቃሉ አይመለስም።

ቅጂው በቴሌግራም ዞሮ የመጣ ከሆነ ሥራው ይከብዳል። ቪዲዮው ሲጨመቅ ጠፍጣፋው አናት ስለሚወላገድ ፕሮግራሙ የተቆረጠውን ለይቶ አያውቀውም። ስለዚህ ከቀጂው ስልክ ወይም ከሜሞሪ ካርዱ ዋናውን ፋይል መለመን ይሻላል። ጥገናውም ድምፅ ከማስተካከልና ወደ ኤምፒ3 ከመቀየር በፊት ይቅደም፤ ዋናው ፋይል ሳይነካ ኮፒው ላይ ይሠራ።

ጫፎቹ ሾለው ድምፁ አሁንም የሚሻክር ከሆነ፣ ጉዳቱ የደረሰው ቁጥር ከመሆኑ በፊት ሊሆን ይችላል፤ ማይኩ ራሱ ወይም ስፒከሩ ከአቅሙ በላይ ጮኾ ይሆናል። ያኔ ፕሮግራሙ የሚሞላው ሜዳ ስለማያገኝ Clip Fix ደጋግሞ ማስኬድ አይረዳም።