ማዕዘን ላይ የጠፉት ሁለት አንዶች

አንዲት የሁለተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ለፈተና ስትዘጋጅ አንድ ጥያቄ አስቸግሯት ደብተሯን ይዛ መጣች። ጥያቄው የዚህን ማትሪክስ አይገንቫልዩዎች ፈልጉ ይላል፦

```
2  1  1
1  2  1
1  1  2
```

የእሷ መልስ 2፣ 2+√2 እና 2−√2 ነው። «ቲቸር፣ ቼክ አድርጌዋለሁ» አለችኝ። «ሲደመሩ 6፣ ሲባዙ 4 ይመጣሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። መጽሐፉ ላይ ያለው መልስ ግን ሌላ ነው።» መጽሐፉ 4፣ 1 እና 1 ይላል። እነዚህም ሲደመሩ 6፣ ሲባዙ 4 ናቸው።

አንድ ማትሪክስ ሁለት የተለያዩ መልሶች ሊኖሩት አይችልም። ታዲያ ቼኩ ሁለቱንም ለምን አሳለፋቸው? ይህን ለመመለስ ቼኩ ራሱ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ተማሪ ሕጉን በቃሉ ይይዘዋል፤ ምክንያቱን ግን አይጠይቅም።

ማትሪክስ በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ ቁጥሮች ሰንጠረዥ ነው። ሥራው ቬክተርን፣ ማለትም ርዝመትና አቅጣጫ ያለውን ቀስት፣ ተቀብሎ ሌላ ቀስት ማውጣት ነው። አብዛኞቹ ቀስቶች በዚህ መሐል አቅጣጫቸውን ይለውጣሉ። ጥቂቶች ግን በነበሩበት መስመር ላይ እንዳሉ ይረዝማሉ ወይም ያጥራሉ። ከላይ ባለው ማትሪክስ ላይ (1, 1, 1) የሚባለውን ቀስት እንሞክር። እያንዳንዱ ረድፍ 2፣ 1 እና 1 ስላለው ድምሩ 4 ነው፤ ስለዚህ የሚወጣው ቀስት (4, 4, 4) ይሆናል። መስመሩ ያው ነው፤ ርዝመቱ ግን አራት እጥፍ ሆነ። ይህ 4 አይገንቫልዩ ይባላል። «አይገን» በጀርመንኛ «የራስ» ማለት ነው፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1904 ባወጣው ጽሑፉ ያስተዋወቀው ዳቪድ ሂልበርት ነው። (1, −1, 0) እና (1, 0, −1) ደግሞ በማትሪክሱ ውስጥ አልፈው ምንም ሳይለወጡ ይወጣሉ፤ ስለዚህ 1 ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። መጽሐፉ ልክ እንደሆነ በእጃችን አረጋገጥን ማለት ነው።

ከማትሪክሱ ላይ በቀጥታ የሚነበቡ ሌሎች ሁለት ቁጥሮች አሉ። ትሬስ ከግራ ላይኛው ማዕዘን ወደ ቀኝ ታችኛው በሚወርደው ዲያጎናል ላይ ያሉት ቁጥሮች ድምር ነው፤ እዚህ 2+2+2 = 6። ዲተርሚናንት ደግሞ ማትሪክሱ ይዘትን፣ ማለትም አንድ ሳጥን የሚይዘውን ቦታ፣ ስንት እጥፍ እንደሚያደርግ የሚነግር ቁጥር ነው፤ እዚህ ሲሰላ 4 ይሆናል።

የብዜቱ ነገር ያን ያህል አያስገርምም። ጠርዞቹ በሦስቱ የራስ አቅጣጫዎች የተዘረጉ ሳጥን ብናስብ፣ አንዱ ጠርዝ 4 እጥፍ ይረዝማል፣ ሁለቱ ባሉበት ይቆያሉ፤ ይዘቱም 4×1×1 እጥፍ ይሆናል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ድምሩ ነው። አይገንቫልዩዎቹ በእያንዳንዱ የማትሪክሱ ቁጥር ላይ ይመሠረታሉ፤ ከዲያጎናሉ ውጪ ያለ አንድ ቁጥር ሲለወጥ እነሱም ሊለወጡ ይችላሉ። ድምራቸው ግን ዲያጎናሉን ብቻ ያውቃል። የቀሩት ቁጥሮች የት ገቡ?

ማረጋገጫው እንዲህ ይሄዳል። ማትሪክሱን A፣ አይገንቫልዩውን λ፣ ቀስቱን v እንበል። Av = λv ማለት (λI − A)v = 0 ማለት ነው፤ I ዲያጎናሉ ላይ 1፣ ሌላው ቦታ 0 ያለበት ማትሪክስ ነው። ዜሮ ያልሆነን ቀስት ዜሮ የሚያደርግ ማትሪክስ ቢያንስ አንዱን አቅጣጫ ጨፍልቋል፤ ይዘትም አብሮ ይጠፋል፤ ዲተርሚናንቱ ዜሮ ነው። ስለዚህ አይገንቫልዩዎቹ det(λI − A) ዜሮ የሚሆንባቸው ቁጥሮች ናቸው። በእኛ ምሳሌ ውስጡ ይህን ይመስላል፦

```
λ−2   −1    −1
−1    λ−2   −1
−1    −1    λ−2
```

ይህ ሲዘረዘር λ³ − 6λ² + 9λ − 4 ይሆናል። n ረድፍና n ዓምድ ላለው ለማንኛውም ማትሪክስ ደግሞ λⁿ ብሎ የሚጀምር ፖሊኖሚያል ይወጣል፤ እሱም በአይገንቫልዩዎቹ እንዲህ ይበተናል፦

```
det(λI − A) = (λ − λ₁)(λ − λ₂)…(λ − λₙ)
```

የቀረው ሥራ የዚህን እኩልነት ግራና ቀኝ ማነጻጸር ብቻ ነው። የፖሊኖሚያልን መፍትሔዎች ከኮፊሸንቶቹ ጋር የማገናኘቱ ዘዴ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ፈረንሳዊ ፍራንሷ ቪየት ስም ጋር ተያይዞ ይጠራል።

መጀመሪያ ብዜቱን እንጨርስ። በ λ ቦታ 0 እናስገባ። በግራ det(−A) ይቀራል፤ ከ n ረድፎች እያንዳንዱ ምልክቱን ስለቀየረ ይህ (−1)ⁿ det A ነው። በቀኝ ደግሞ n የሆኑ ነጌቲቭ አይገንቫልዩዎች ይባዛሉ፤ (−1)ⁿ λ₁λ₂…λₙ። ምልክቶቹ ይጣፋሉ፤ ዲተርሚናንቱ የአይገንቫልዩዎቹ ብዜት ነው።

ለድምሩ λⁿ⁻¹ የያዘውን ክፍል እንፈልግ። በቀኝ በኩል λⁿ⁻¹ የሚገኘው ከአንድ ቅንፍ በቀር ከሁሉም λ ሲወሰድ ነው፤ ከቀረው ቅንፍ የሚወሰደው −λ₁ ወይም −λ₂ ወይም ሌላው ነው። ሲደመሩ ኮፊሸንቱ −(λ₁ + λ₂ + … + λₙ) ይሆናል። በግራ በኩል ያለውን ለማየት ዲተርሚናንት እንዴት እንደሚሠራ ማስታወስ ይበቃል። ዲተርሚናንት የብዙ ብዜቶች ድምር ነው፤ እያንዳንዱ ብዜት ከየረድፉ አንድ፣ ከየዓምዱም አንድ ቁጥር ይወስዳል። λ ያለው ዲያጎናሉ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ሠላሳ ተማሪዎች ያሉበትን ክፍል እናስብ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ወንበር አለው፣ ትርፍ ወንበር የለም፣ የሚቆምም የለም። አንድ ተማሪ ብቻ ቦታ ሊቀይር ይችላል? አይችልም። የሌላውን ወንበር ከያዘ ባለወንበሩም መነሣት አለበት። ቦታ የሚቀይሩት ቢያንስ ሁለት ናቸው። ረድፎቹ ተማሪዎች፣ ዓምዶቹ ወንበሮች፣ ዲያጎናሉ ደግሞ ሁሉም በየራሱ ወንበር የተቀመጠበት ሁኔታ ነው። ከዲያጎናሉ የሚወጣ ማንኛውም ብዜት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ስለሚወጣ ሁለት λ ያጣል፤ ከ λⁿ⁻² በላይ መድረስ አይችልም። ስለዚህ λⁿ⁻¹ን የሚያመጣው አንድ ብዜት ብቻ ነው፤ ሙሉ በሙሉ በዲያጎናሉ ላይ የሄደው (λ − a₁₁)(λ − a₂₂)…(λ − aₙₙ)። የእሱ ኮፊሸንት −(a₁₁ + a₂₂ + … + aₙₙ)፣ ማለትም የትሬሱ ነጌቲቭ ነው። ግራና ቀኙ እኩል ስለሆኑ ትሬስ የአይገንቫልዩዎቹ ድምር ነው።

የቀሩት ቁጥሮች የት እንደገቡም ታወቀ። የሚገቡት ከ λⁿ⁻² ጀምሮ ወደ ታች ነው። በምሳሌያችን 6 እነሱን አያውቃቸውም፤ 9 እና 4 ግን ያውቋቸዋል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ፖሊኖሚያሉ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ እንዲበተን ኮምፕሌክስ ቁጥሮችን መቀበል ግድ ነው። ቀስትን በ90 ዲግሪ የሚያዞረው ማትሪክስ የላይኛው ረድፉ 0 እና −1፣ የታችኛው 1 እና 0 ነው። አቅጣጫውን የሚጠብቅ እውነተኛ ቀስት የለውም፤ አይገንቫልዩዎቹ i እና −i ናቸው። ድምራቸው 0፣ ብዜታቸው 1፤ ትሬሱም 0፣ ዲተርሚናንቱም 1።

ወደ ደብተሩ እንመለስ። ተማሪዋ λI − A ብላ ስትጽፍ በቀኝ ላይኛውና በግራ ታችኛው ማዕዘን ያሉትን ሁለት አንዶች ዘልላ 0 አድርጋቸዋለች። ፖሊኖሚያሏ λ³ − 6λ² + 10λ − 4 ሆነ። ከትክክለኛው የሚለየው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ 9 የነበረው 10 ሆኗል። ቼኩ የሚያየው 6ን እና 4ን እንጂ መሐል ያለውን አይደለም። ዲያጎናሉ ስላልተነካ 6 መጠበቁ የግድ ነው። 4 መጠበቁ ግን ክፉ አጋጣሚ ነው፦ በሁለቱ ማዕዘኖች c ብናስገባ ዲተርሚናንቱ 4 + 2c − 2c² ይሆናል፤ c 0ም ቢሆን 1ም ቢሆን ውጤቱ ያው 4 ነው።

ሁለት በሁለት በሆነ ማትሪክስ ይህ ሊደርስ አይችልም፤ ድምርና ብዜት ከታወቁ ሁለቱ ቁጥሮች ተወስነዋል። ሦስት ቁጥሮችን ለመወሰን ግን ሦስተኛ መረጃ ያስፈልጋል። የሚያስደስተው ይህንንም ያው ሕግ መስጠቱ ነው። A ቀስቱን 4 እጥፍ ካደረገ፣ ሁለት ጊዜ ሲሠራበት 16 እጥፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የ A² አይገንቫልዩዎች የ A አይገንቫልዩዎች ስኩዌር ናቸው፣ ድምራቸውም የ A² ትሬስ ነው። ማትሪክሳችን በዲያጎናሉ ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ስለሆነ የ A² ዲያጎናል የየረድፉ ቁጥሮች ስኩዌር ድምር ነው፤ 4+1+1 = 6፣ በሦስት ረድፍ 18። የመጽሐፉ መልስ 16+1+1 = 18 ይሰጣል። የእሷ ደግሞ 4 + (6+4√2) + (6−4√2) = 16። እዚህ ላይ ተያዘ።

ሁለቱ ቼኮች የሚይዙት ስሕተትም የተለያየ ነው። 1 ሁለት ጊዜ መቆጠሩን ረስቶ «4 እና 1» ብሎ የጻፈ ተማሪ ብዜቱን ቢያይ 4 ያገኛል፤ ምንም የጎደለ አይመስለውም። ድምሩ ግን 6 መሆን ሲገባው 5 ይላል። ማትሪክሱን በረድፍ ማቅለል ከጀመረ በኋላ አይገንቫልዩ የሚፈልግም አለ፤ ይህኛው ማትሪክስ እስከ መጨረሻው ቢቀልል I ይሆንና መልሱ 1፣ 1፣ 1 ይመስላል። 3 ደግሞ 6 አይደለም። የሚነጻጸረው ግን ከጥያቄው ወረቀት ጋር እንጂ ከተገለበጠው ጋር መሆን የለበትም፤ የእሷን 18 ከተሳሳተው ግልባጭ ብናሰላው 16 ሆኖ ይገጥም ነበር።

16ን እና 18ን ጎን ለጎን ጽፌ ደብተሩን መለስኩላት። ጥቂት ዝም ብላ አየችው፤ ከዚያ በእርሳሷ ጫፍ ከጥያቄው ወረቀት ጀምራ ቁጥር በቁጥር እየነካካች ወረደች። ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ቀኝ ማዕዘኑ ጋ ስትደርስ እርሳሱ ቆመ። ሁለቱን ዜሮዎች ሰርዛ −1 ጻፈች፣ 10ንም 9 አደረገችው።