ሦስት ዓይነት ስህተት፣ አንድ ደብተር

የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሒሳብ ሞዴል ፈተና ታርሞ ሲመለስለት ውጤቱን ያያል፤ ያልሆነለትን ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ይገለብጥና «ቸኩዬ ነው እንጂ አውቀዋለሁ» ብሎ ያልፋል። የስህተት ደብተር የሚያዘው ይህ አባባል እውነት መሆን አለመሆኑን ለማጣራት ነው።

አያያዙ ቀላል ነው። ጥያቄው፣ የሰጠው መልስ፣ ወደዚያ መልስ የወሰደው ሐሳብ ይጻፋል። ዋናው ሦስተኛው ነው። በምርጫ ጥያቄ ላይ የተከበበ ፊደል ብቻውን ብዙ ስለማይናገር ተማሪው የሠራበትን ወረቀት መጣል የለበትም። በማግስቱ መልሱን ሸፍኖ፣ ሰዓት ሳይዝ እንደገና ይሠራዋል። የስህተቱ ዓይነት የሚለየው ያኔ ነው።

7 − (−4) ላይ 3 ብሎ የነበረ ልጅ በማግስቱ ያለ ምንም ችግር 11 ካለ፣ በእርግጥም ቸኩሎ ነበር። ትምህርቱን እንደገና ማጥናት አያስፈልገውም፤ የመቀነስ ምልክት ያለበትን መስመር ተመልሶ ማየት ይበቃዋል። ይኸው ስህተት በተለያየ ቀን ከተደጋገመ ግን «ጥድፊያ» የሚለውን ስም እኔ አልቀበልም።

አስቸጋሪው ሁለተኛው ዓይነት ነው። −2x > 6 ተሰጥቶት x > −3 አለ እንበል። በማግስቱም ረጋ ብሎ፣ እርግጠኛ ሆኖ ያንኑ ይጽፋል። ይህ የተሳሳተ መረዳት ነው፤ ልጁ አለእኩልነትን እንደ እኩልታ ቆጥሮታል። ትክክለኛውን መልስ መገልበጥ እምነቱን አይነቅለውም፤ ራሱ በቁጥር ይፈትነው። 0 ከ−3 ስለሚበልጥ በእሱ መልስ መሠረት መሥራት ነበረበት፤ ግን −2 × 0 = 0 ነው፣ 0 ደግሞ ከ6 አይበልጥም። −4ን ሲሞክር 8 ያገኛል፣ ይሠራል። በአሉታዊ ቁጥር ሲካፈል ምልክቱ እንደሚገለበጥ፣ መልሱም x < −3 እንደሆነ ያኔ ይገባዋል።

ሦስተኛው የእውቀት ክፍተት ነው። log₂ 8 ሲባል ከየት እንደሚጀምር የማያውቅ ተማሪ የተሠራ መልስ ቢያነብ ብዙ አይጠቅመውም። ወደ ኤክስፖነንት ምዕራፍ ተመልሶ 2³ = 8 ከሚለው መነሳት አለበት።

በግምት የተገኘ ትክክለኛ መልስም እዚህ ይገባል። አራት ምርጫ ባለበት ጥያቄ ዝም ብሎ የሚያከብብ ሰው ከአራት አንዱን የማግኘት ዕድል አለው፤ ማርኩ ግን ክፍተቱን ይሸፍንለታል። ስለዚህ በሞዴል ፈተናው ወቅት የገመተው ጥያቄ አጠገብ ምልክት ያድርግ።

ከሳምንት በኋላ ቁጥሩ የተቀየረ ጥያቄ ይሠራል፤ ለምሳሌ −3x > 12። x < −4 ብሎ ምልክቱ ለምን እንደተገለበጠ ከተናገረ ያ ስህተት ከደብተሩ ይሰረዛል። መልሱን አግኝቶ ምክንያቱን መናገር ካቃተው ግን አይሰረዝም።